በአባቴ ወረቀት ላይ ያልነበረው ቁጥር

ወረቀቱ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። አራት ቦታ ታጥፎ በአባቴ የኪስ ቦርሳ ውስጥ ስለከረመ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ለቋል፤ ቁጥሮቹ ግን ይነበባሉ። ቀኑ ሚያዝያ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ይላል። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 212፣ ኤችዲኤል 31፣ ትራይግሊሰራይድ 345፣ ኤልዲኤል 112። የሦስቱ ትይዩ ላይ ማሽኑ ምልክት አድርጎባቸዋል፤ ጠቅላላውና ትራይግሊሰራይዱ ከፍ ብለዋል፣ ኤችዲኤሉ ዝቅ ብሏል። «መጥፎው ኮሌስትሮል» የምንለው ኤልዲኤል ግን ምንም ምልክት የለበትም። ከ130 በታች ይሁን ይላል፤ 112 ነው።

እኔ ባህር ዳር ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ እሠራለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት በቀን ስንት ጊዜ በእጄ እንደሚያልፍ ቆጥሬ አላውቅም። ያን ዕለት አባቴ ውጤቱን ይዞ ቤት ሲመጣ ዓይኔ ቀጥታ የሄደው ወደ ኤልዲኤል ነው። «አባዬ፣ ዋናው መጥፎው ነው፤ እሱ ከመስመር አላለፈም። ሌላው ትንሽ ከፍ ቢልም አያሰጋም» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሐኪሙ ጋ ተመልሶ እንዲሄድም አልጎተጎትኩትም። በአሥራ አራተኛው ወር፣ ሰኔ 2015 ላይ፣ ልቡ ታመመ።

ይህን የምጽፈው ያን ወረቀት እንዴት ማንበብ እንደነበረብኝ ለማሳየት ነው። የሚያስፈልገው ቁጥር ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ሆኖም እዚያው ካሉት ሁለት ቁጥሮች፣ በአንድ መቀነስ፣ ይገኝ ነበር።

አባቴ ያኔ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ነው። ሥራው ጀልባ መንዳት ነው፤ ከባህር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ተሳላሚና እንግዳ ያመላልሳል። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም። ሲያዩት ወፍራም አይባልም፤ እጁና እግሩ ቀጭን ነው፣ ሆዱ ብቻ ወደ ፊት መጣ ያለ ነው። ምርመራውን ያዘዘለት ሐኪም የደም ግፊቱን 152 በ94 ሆኖ አግኝቶት ነው። ደሙ የተቀዳው ደግሞ በዓቢይ ጾም፣ በኒቆዲሞስ ሳምንት ነው። አባቴ ጾም አይገድፍም። ከቅበላ ወዲህ ቅቤ፣ ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላል አፉ አልገባም። እኔንም ያዘናጋኝ ይሄው ነው። ከአርባ ቀን በላይ ሲጾም የከረመ ሰው በደሙ ውስጥ ስብ ከየት ያመጣል? ትራይግሊሰራይዱ 345 ሲሆን የማሽን ነገር ነው ብዬ ለማሰብ ዳድቶኝ ነበር።

ማሽኑ አልተሳሳተም። ትራይግሊሰራይድ ከምንበላው ቅባት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ጉበት ከሚያስፈልገን በላይ የገባውን ስኳርና ስታርች ወደ ስብ ይለውጣል፤ ያንን ስብ ጠቅልሎ ወደ ደም ይልከዋል። አባቴ በጾሙ ወራት ምን ይበላ እንደነበር ቆይቼ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ከቅዳሴ ሲወጣ ዳቦ በሻይ፤ ሻዩ በሲኒ አራት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል፣ እሱም በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። ማታ እንጀራ በሽሮ፣ አንዳንዴ ፓስታ። እሑድ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ጠላ። አንድም ጠብታ የእንስሳ ስብ የለበትም፤ ጉበቱ ግን ሌትና ቀን ስብ ሲሠራ ነው የከረመው። የአልኮል መጠጥና ያልታወቀ የስኳር በሽታም ይህንኑ ቁጥር ሽቅብ ይገፋሉ። የአባቴ ስኳር በዚያ ቀን አልታዘዘም ነበር።

ስለ ጾም ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ለዚህ ምርመራ ሲባል የሚጠየቀው ጾም ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከምግብ መቆየት ብቻ ነው፤ ውሃ ይፈቀዳል። «ጾም ላይ ነዎት?» ብለን ስንጠይቅ «አዎን» ብለው፣ ቁርስ በልተው የመጡ እናቶች ብዙ ጊዜ ገጥመውኛል፤ እነሱ የመለሱት ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጾም ነው። አሁን እኔ «ዛሬ ጠዋት ምን ቀመሱ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ደግነቱ በልቶ መምጣት ጠቅላላውንና ኤችዲኤሉን እምብዛም አይለውጣቸውም፤ ከፍ የሚለው ትራይግሊሰራይዱ ነው፣ እሱም ለአብዛኛው ሰው በመጠኑ። ስለዚህ ዛሬ በብዙ አገር ለመጀመሪያ ምርመራ ሳይጾሙ መቀዳት ይፈቀዳል፤ ትራይግሊሰራይዱ ከ400 ካለፈ ነው በባዶ ሆድ ይደገም የሚባለው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ኮሌስትሮል ራሱ ጠላት አይደለም። ሰውነታችን የሕዋሶቹን ሽፋንና አንዳንድ ሆርሞኖችን የሚሠራው በእሱ ነው። ችግሩ ስብ ከውሃ ጋር አይዋሐድም፤ ደም ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ መጓጓዣ ይፈልጋል። ከጣና ዳር ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ጭነቱ ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ ነው፣ ታንኳዎቹ ደግሞ እነዚህ ኤልዲኤል፣ ኤችዲኤል የምንላቸው ነገሮች ናቸው።

ጉበት መጀመሪያ የሚያወጣው ትልቁን ታንኳ ነው፤ ቪኤልዲኤል ይባላል። አብዛኛው ጭነቱ ትራይግሊሰራይድ ነው፣ ኮሌስትሮልም ጨምሮ ይይዛል። በየመንገዱ ለጡንቻና ለስብ ማከማቻ እያራገፈ ሲሄድ ያንሳል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ያለው ቅሪት ይባላል፣ መጨረሻ ላይ በአብዛኛው ኮሌስትሮል ብቻ ይዞ የሚቀረው ትንሹ ታንኳ ኤልዲኤል ነው። ጉበት እነዚህን መልሶ የሚቀበልበት ወደብ አለው። ይህን ወደብ ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። ወደቡ ካነሰ ወይም ከተጨናነቀ ታንኳዎቹ ደም ውስጥ ይሰነብታሉ። በሰነበቱ ቁጥር ደግሞ ከደም ቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ሥር ሾልከው የሚገቡት ይበዛሉ። ከገቡት አንዳንዶቹ እዚያው ተጣብቀው ይበላሻሉ፤ ቆሻሻ የሚያነሡ የደም ሕዋሶች መጥተው ይውጧቸዋል፣ በስብ ተነፍተው እዚያው ይሞታሉ። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ግድግዳው ውስጥ ልባስ ያለው ለስላሳ እባጭ ይሠራል። የልብ አደጋ የምንለው ድንገተኛ ሕመም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ያ ልባስ ሲቀደድ ነው። ደም ቁስል ያገኘ መስሎት ይረጋበታል፤ የረጋው ደም ቧንቧውን ሲደፍነው ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ጡንቻ ኦክስጅን አጥቶ መሞት ይጀምራል።

ልብ በሉ፣ ግድግዳው ሥር ሾልኮ የሚገባው ኤልዲኤል ብቻ አይደለም። ቅሪቶቹም ይገባሉ። ቁምነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአብዛኛው ላቦራቶሪ ኤልዲኤል በቀጥታ አይለካም። ሦስቱ ይለካሉ፤ አራተኛው ይሰላል። ስሌቱ ፍሪደዋልድና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤሉን ቀንስ፤ ከዚያ በትልልቆቹ ታንኳዎች ላይ የተጫነውን ኮሌስትሮል ቀንስ፤ የቀረው ኤልዲኤል ነው። በትልልቆቹ ላይ ያለው ኮሌስትሮል ስንት እንደሆነ ስለማይለካ የትራይግሊሰራይዱ አንድ አምስተኛ ነው ተብሎ ይገመታል። የአባቴ ወረቀት እንዲህ ነው የተሠራው፦

```
212 - 31 - (345 ÷ 5) = 112
```

በራሳችሁ ወረቀት ላይ ሞክሩት፤ ቁጥሩ ልክ ከገጠመ ኤልዲኤላችሁ የተሰላ ነው። ይህ አንድ አምስተኛ የሚባለው ግምት ትራይግሊሰራይዱ ዝቅ ሲል ጥሩ ይሠራል። ትራይግሊሰራይዱ እየጨመረ ሲሄድ ግን የሚቀነሰው ከሚገባው በላይ ይሆናል፣ ኤልዲኤሉም ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ከ400 በላይ ከሆነ ስሌቱ ጭራሽ አይታመንም፤ ጥሩ ላቦራቶሪ ቦታውን ባዶ ይተወዋል ወይም በቀጥታ ይለካዋል። የአባቴ 345 ከመስመሩ በታች ስለሆነ ማሽኑ ቁጥሩን አወጣ፤ እኔም አመንኩት።

ስሌቱ ትክክል እንኳ ቢሆን የተቀነሰው 69 የት ሄደ? ጠፋ እኮ አይደለም። በቅሪቶቹና በትልልቆቹ ታንኳዎች ላይ ያለ ኮሌስትሮል ነው፤ ቅሪቶቹ ደግሞ ግድግዳ ሥር ከሚገቡት ወገን ናቸው። ስለዚህ ማየት የነበረብኝ ይህ ነው፦

```
212 - 31 = 181
```

ይህ ቁጥር ከኤችዲኤል ውጭ ያለው ኮሌስትሮል ይባላል። ግድግዳውን ሊጎዱ የሚችሉት ታንኳዎች ሁሉ የጫኑት ድምር ነው። የትራይግሊሰራይድ ግምት አይገባበትም፤ ተበልቶም ሳይበላም ብዙ አይዛነፍም፤ ወጪ የለውም። ድንበሩ ከኤልዲኤሉ ድንበር ላይ 30 ጨምሮ ነው የሚነበበው። ኤልዲኤል ከ130 በታች ይሁን ከተባለ ይህኛው ከ160 በታች መሆን አለበት። አባቴ በኤልዲኤሉ 18 ተርፎት ደህና የተባለ፣ በዚህኛው 21 ያለፈ ሰው ነበር።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። ትራይግሊሰራይድ በደም ውስጥ ሲበዛ ታንኳዎቹ ጭነት ይለዋወጣሉ፤ በዚህ ልውውጥ ኤልዲኤሎቹ ያንሳሉ፣ ይጠጥራሉ፣ እያንዳንዳቸውም የሚይዙት ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ስለዚህ ያው 112 የሚባለው ጭነት በብዙ ትንንሽ ታንኳዎች ላይ ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ የሚነግረን ጭነቱን ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚላተመው ግን ታንኳው ነው። ታንኳዎቹን የሚቆጥር ምርመራ አለ፤ አፖቢ የሚባለው ፕሮቲን በእያንዳንዱ ጎጂ ታንኳ ላይ አንድ ብቻ ስለሆነ እሱን መለካት ታንኳዎቹን መቁጠር ነው። እኔ በምሠራበት ቤት አይሠራም፤ ለዚህ ነው መቀነሱን የሙጥኝ ያልኩት።

ኤችዲኤልስ? «ጥሩው» ይባላል፤ ከግድግዳው ኮሌስትሮል ሰብስቦ ወደ ጉበት ስለሚመልስ። ዝቅ ያለ ሰው የልብ ሕመም እንደሚበዛበት ለረጅም ጊዜ ታይቷል፤ ለወንድ ከ40 በታች፣ ለሴት ከ50 በታች ዝቅተኛ ይባላል። ነገር ግን ቁጥሩን ሽቅብ መግፋት ብቻውን ልብን አያድንም። ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት ኤችዲኤልን በደንብ ከፍ ያደርግ ነበር፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ሙከራው የተቋረጠው መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል የሞቱት በዝተው ስለተገኙ ነው። በውርስ ኤችዲኤላቸው ከፍ ያለ ሰዎችም በዚያ ብቻ ከልብ ሕመም ሲድኑ አልታየም። ስለዚህ የአባቴን 31 ዛሬ የማነበው እንደ ምልክት ነው። ትራይግሊሰራይድ ሲበዛ በዚያው የጭነት ልውውጥ ኤችዲኤል ቶሎ ቶሎ ከደም ይወገዳል፤ ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ናቸው። 345 እና 31 ጎን ለጎን ሲቆሙ ሆዱ አካባቢ ስብ አለ፣ ስኳሩን መርምሩት እያሉ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ በዚያው ዓመት ጠቅላላው 240 ወጥቶባቸው እያለቀሱ መጡብኝ። «ልጄ፣ ያባትህ 212 ነው፣ የኔ ባሰ» አሉኝ። ወረቀታቸውን ሳየው ኤችዲኤላቸው 86፣ ትራይግሊሰራይዳቸው 80 ነው። ከ240 ላይ 86 ሲቀነስ 154። ምልክት በዝቶባቸው ሌሊቱን ያልተኙት እትዬ ከአባቴ የተሻለ ቁጥር ነበራቸው። ጠቅላላው ኮሌስትሮል ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ላይ ስለሚደምር ብቻውን ሲነበብ እንዲህ ያሳስታል።

ሰኔ 2015 ላይ የሆነውን በአጭሩ ልናገር። አባቴ ከሰዓት በኋላ ጀልባውን እያሰረ ደረቱ መሐል ድንጋይ የተጫነ ያህል ከበደው። «ጨጓራዬ ነው» አለ። እናቴ ተልባ በጠበጠችለት፤ ጠጥቶ ጋደም አለ። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲሁ አለፈ። ክብደቱ ወደ ግራ መንጋጋውና ክንዱ ሲወጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያጠምቀው ነው እኔ የተጠራሁት። በባጃጅ ወሰድነው። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውም ደሙም የልብ አደጋ መሆኑን አረጋገጡ። ያቺ ሁለት ሰዓት ዛሬም ትቆጨኛለች። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ግፊት ያለበት ሰው ደረቱ መሐል የሚጫነው፣ ወደ መንጋጋ ወይም ክንድ የሚሄድ፣ ላብ የሚያመጣ ነገር ከያዘው ተልባ መበጥበጥ አይገባም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታሉ ደሙን መርምሮ ኤልዲኤሉ 88 ሆነ። ታናሽ ወንድሜ «ታዲያ ኮሌስትሮል አይደለማ!» አለ። ቀኑ ነው ያሳሳተው። ከልብ አደጋ በኋላ በቀናት ውስጥ ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ለሳምንታትም ዝቅ እንዳለ ይቆያል፤ በማንኛውም ከባድ ሕመምም እንዲሁ ነው። በዚህ ወቅት የተገኘ ዝቅተኛ ቁጥር ያለፈውን ዓመት አይመሰክርም። ጠዋት በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሩ 138 ነበር፤ በሕመም ጭንቀትም ስኳር ስለሚጨምር ቆይቶ ተደግሞ የስኳር በሽታ መሆኑ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ ራሴን ስመረምር ያው ጾም እንደገና ይመጣብኛል። ቅቤና የረጋ ዘይት ውስጥ ያለው ስብ የጉበትን ወደቦች ይቀንሳል፤ በዚህም ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። አባቴ ቤት ፋሲካ ሲገባ ዶሮው በቅቤ ይሠራል፣ በቀሪው ጊዜ ደግሞ የሚገዛው ያ በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ደሙ የተቀዳው እንግዲህ ቅቤው ከቀረ ስድስት ሳምንት ሲያልፈው፣ ኤልዲኤሉ በዓመቱ ዝቅ ሊል በሚችልበት፣ ትራይግሊሰራይዱ ደግሞ በዳቦና በስኳር ሽቅብ በወጣበት ጊዜ ነው። ትራይግሊሰራይዱ ደግሞ ስሌቱን ይዞት ወረደ። 112 የምትባለው ቁጥር በሁለት በኩል ተጎትታ ነበር። በኒቆዲሞስ የተቀዳ ደም ስለ ሰኔ ደም ምን ያህል ይናገራል? ዛሬ ጾመኛ ሰው በዓቢይ ጾም ተመርምሮ ውጤት ሲያመጣልኝ ከፋሲካ ሁለት ወር በኋላ ይደገም እላለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ነው የሚሻለው።

181 የሚለው ቁጥር ብቻውን የልብ አደጋውን አመጣ ማለቴ ግን አይደለም። ግፊቱ ነበር፣ ስኳሩ ነበር፣ ዕድሜው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የልብና የደም ቧንቧ አደጋ መገመቻ ሰንጠረዥ ላይም ኮሌስትሮል አንዱ ዓምድ ብቻ ነው፤ ጾታ፣ ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ስኳርና ግፊት አብረው ይነበባሉ። ያው 181 በሃያ ዓመት ልጅ ላይ ቢገኝ የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ሥጋቱ ትንሽ ነው፤ ግን ሳይነካ ከቀጠለ ግድግዳው ላይ ብዙ ዓመት ይደራረባል። አባቴ ላይ ግን ከሲጋራው በቀር የሁሉም ዓምድ ቀለም ወደ ቀይ ያዘነብል ነበር፤ እኔ ያየሁት አንዱን ብቻ ነው፣ እሱንም የተሳሳተውን።

ከሆስፒታል ሲወጣ ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አቶርቫስታቲን 80 ሚሊ ግራም ነው። ስታቲን ጉበት ራሱ የሚሠራውን ኮሌስትሮል ይቀንስበታል፤ ጉበትም ያነሰውን ለመሙላት ብዙ ወደብ ይከፍታል፣ ታንኳዎቹን ከደም ይስባል። ኤልዲኤል በ39 ነጥብ ያህል በወረደ ቁጥር የልብ አደጋና የስትሮክ ሥጋት በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ከብዙ ትላልቅ ሙከራዎች ድምር ታውቋል። ልቡ አንዴ ለታመመ ሰው ድንበሩም ይጠብቃል፤ ኤልዲኤሉ ከ70 በታች፣ ከኤችዲኤል ውጭ ያለው ከ100 በታች እንዲሆን ይፈለጋል፣ ከዚያም በታች የሚሹ ሐኪሞች አሉ።

ቤት ውስጥ የለወጥነው ጥቂት ነው። ስኳሩ ከሻዩ ወጣ፤ ይህን ያህል የታገለበት ነገር የለም። ጠላውን ለበዓል ብቻ አደረገው። እናቴ የረጋውን ዘይት ትታ የኑግ ዘይት መግዛት ጀመረች፤ ኑግ አብዛኛው የማይረጋ ስብ ነው፣ ለወደቦቹ ይስማማል። የጾም ቁርሱ ከዳቦ ወደ ገብስ በሶ ተለወጠ፣ ያለ ስኳር፣ በጨው ብቻ ለመቅመስ ያህል። ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ ቃጫ አንጀት ውስጥ ኮሌስትሮል ይይዛል፤ ልኩ ትንሽ ቢሆንም ይረዳል። የጣናን ቆሮሶ ዓሣም አልከለከልነውም፤ በዘይት ተዘፍቆ መጠበሱን ብቻ ወደ ወጥ ቀየርነው።

በስምንተኛው ሳምንት እንደገና ቀዳሁት፤ በራሴ እጅ። ጠቅላላ 128፣ ኤችዲኤል 33፣ ትራይግሊሰራይድ 170፣ ኤልዲኤል 61። አባቴ ቁጥሮቹ መውረዳቸውን ሲያይ ፊቱ በራ። «እንግዲህ ዳንኩ፤ መድኃኒቱን ልተወው» አለኝ። አይ አልኩት፤ 61 ያደረገው መድኃኒቱ ነው፣ ካቆምከው በጥቂት ሳምንት ወደ ድሮው ይመለሳል። ዝም አለና ወደ ሐይቁ ሲያይ ቆየ። «ጀልባው ላይ ውሃ እንደ መቅዳት ነው በለኛ» አለ። የድሮ የእንጨት ጀልባ ስንጥቁ ውሃ ያስገባል፤ ጎኑ ላይ ጣሳ ይዘህ እየቀዳህ ነው የምትሄደው፣ ደርቋል ብለህ ከተውክ ይሞላል። እኔ ካልኩት ሁሉ የሱ አነጋገር ይሻል ነበር።

ኤችዲኤሉ 33 ላይ መቅረቱ አላስጨነቀኝም። ከ31 ብዙ አልራቀም፤ እሱን ከፍ አድርጎ ልብን የሚጠቅም መድኃኒት የለም፣ ከፍ ማለቱም ብቻውን አይጠቅምም። ያየሁት መቀነሱን ነው፤ 128 ላይ 33 ሲቀነስ 95።

አሁን በየስድስት ወሩ ይመረመራል። በውጤቱ ቀን ቤት ስገባ ወረቀቱን ከእጄ ይቀበለኝና መነጽሩን አድርጎ፣ ለጀልባ ተሳፋሪ ሒሳብ የሚይዝባትን እስክሪብቶ ያወጣል። ከላይ ያለውን ቁጥር ይጽፋል፣ ከሥሩ ኤችዲኤሉን ይጽፋል፣ መስመር ያሰምራል፣ ይቀንሳል። ባለፈው 126 ላይ 34 ቀንሶ 92 ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ የኪስ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።